ከኋላዋ ተቀምጬ የሠራሁት ትዳር

በገበያ ቀን፣ ቆቦ መሀል፣ ሴት በምትነዳው ሞተር ኋላ ተቀምጦ ማለፍ ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። እሷ ካኪ ሱሪዋን ለብሳ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በመካከላችን የከብት ክትባት የያዘ የበረዶ ሳጥን አለ፤ እጆቼ ሳጥኑን አቅፈዋል። ማሽላ ተራ ስንደርስ አንዲት ነጋዴ ከከረጢቷ ኋላ ብድግ ብላ ጮኸች።

«አንቺ! የጫንሽው እንዳይወድቅብሽ በገመድ እሰሪው እንጂ!»

«ሳጥኑን ነው ሰውየውን?» አለች ጎረቤቷ።

«ሳጥኑማ ተይዟል!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ቀንተው ነው ብዬ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሁላችንም ጓድ ነበርን። ለስኳር ቀበሌ ሱቅ በር ላይ እንሰለፋለን፤ ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ እንቀመጥና ስለ ምርት ዕድገት እያዳመጥን እናንቀላፋለን። እኔ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የሰብል ግምት ሠራተኛ ነበርኩ። ማሽላው ገና ቆሞ ሳለ መሬቱ ስንት ኩንታል እንደሚያወጣ የምናገር ሰው ማለት ነው። መገመት እንጀራዬ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስትስቁብኝ በደንብ እንድትስቁ ነው።

እሷ ከደሴ ተመድባ የመጣች የእንስሳት ጤና ረዳት ነበረች። አባቷ መካኒክ ስለነበር ሞተር መንዳት ያወቀችው ገና በልጅነቷ ነው። የመሥሪያ ቤታችንን ሞተር የሰጧትም ከእሷ በፊት የነበረው ሰው እየነዳ ወንዝ ውስጥ ከገባ ወዲህ የሚደፍረው ስለጠፋ ነበር። አለቃችን ቁልፉን ሲሰጣት የተሰናበታት ይመስል ነበር። እሷ ግን ሞተሯን አስነሥታ ግቢውን ዞረችና የጥበቃውን በርጩማ ሳትነካ ቆመች።

እኔን መጀመሪያ የጫነችኝ ወደ ዋጃ በእግሬ ስጓዝ ደርሳብኝ ነው። አቧራዋ ቀድሟት መጣ፣ ከዚያ ፍሬኑ ጮኸ።

«ወዴት ነህ?»

«ዋጃ።»

«ውጣ።»

ይቺ «ውጣ» አንድ ቃል ናት፤ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ እንደ ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኳት። ስንት መንገደኛ እያለ እኔን! ያን ዕለት መንገዱ ላይ ከእኔና ከአንድ ግመል በቀር ማንም እንዳልነበረ ትዝ ያለኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ምሳ መጣ። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ሽሮዋ የታወቀ ምግብ ቤት ነበረች። ሰዓቱ ሲደርስ በበሬ ብቅ ትልና «ምሳ አትበላም?» ትለኛለች። እንበላለን፣ እጇን ትታጠባለች፣ ትነሣለች። ከዚያ ደግሞ ማሳ ስለካ የሜትሩን ጫፍ ያዘችልኝ። በዚያ በራያ ፀሐይ፣ ማሽላ መሀል ቆማ! ወባ የያዘኝ ጊዜ ክሎሮኪን ይዛ መጣችና አከራዬን አጥሚት እንድትሠራልኝ አዘዘች። ስድን «ወንድም ጋሼ፣ አስደነገጥከን እኮ» አለችኝ። አገር ሁሉ «ወንድም ጋሼ» ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ግን ልቧን ልትደብቅበት የመረጠችው ስም ነው ብዬ ደመደምኩ።

ቅባት ገዛሁ። ፀጉሬ ከማብለጭለጩ የተነሣ ዝንብ ሲያርፍበት ይንሸራተት ነበር። ሱሪዬን ፍራሽ ሥር አስተኝቼ ጠዋት መስመሩ ተሰንጥሮ ሲወጣ እደሰታለሁ፤ ከሞተር ስወርድ ግን መስመሩም ቅባቱም እኔም አንድ አቧራ ነን።

በዚህ መሀል ጎብዬ ያለው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ወሬውን ሰማ። ከቆቦ እስከ ጎብዬ ወሬ ከሞተር ይፈጥን ነበር። ጠርቶ አስቀመጠኝ።

«ልጅቷ ትወድሃለች?»

«ምን ጥርጥር አለው!»

«ብላሃለች?»

«ሴት ልጅ ትላለች እንዴ አጎቴ? አሳይታኛለች።»

«ምን አሳየችህ?»

ሞተሩን፣ ምሳውን፣ አጥሚቱን ዘረዘርኩ። ሜትሩ ላይ ስደርስ ግራ ገባው፤ አጥሚቱ ግን አሳመነው።

«እንግዲያው ሽማግሌ እንልካለን» አለ። «እዚህ አባት ከሌላት አለቃዋ አባቷ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ድረስ እንሄዳለን።»

እኔም እሺ አልኩ። በልቤ ያሰብኩትን ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ሽማግሌዎቹ ሄደው ትወደኝ እንደሆነ ጠይቀው ይመጡልኛል ብዬ ነበር! ሽማግሌ የሚላከው ነገሩ ካለቀ በኋላ መሆኑን ዘነጋሁት። ሽማግሌ ልጅቷን አይጠይቅም፤ አባቷን ነው የሚጠይቀው። ሲጠይቅም ነጭ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ አገር እያየው ነው። እኔ ግን ሱቁ ተከፍቶ እንደሆነ አይቶ እንዲመጣ ሰው የላክሁ ያህል ቀለል ብሎኝ ወደ ቆቦ ተመለስኩ።

ሰኞ ዕለት ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን አወራሁት። ዕድሜው የገፋ የዚያው የቆላው ሰው ነው፤ «አያ» እያልን ነው የምንጠራው። መፈክር ሲነበብም ጠብ ሲነሣም እኩል የሚስቅ ሰው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝና መጋዘኑ በር ላይ ተደገፈ።

«ባለፈው አርብ ከስግደት ስመለስ ጫነችኝ» አለ።

«ማን?»

«ያንተዋ። ዛሬ ጠዋትም ቆሎ ሰጠችኝ። ወላሂ፣ እኔንም ወዳኛለች ማለት ነው? ባለቤቴን ላስፈቅድ?»

«አያ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ እኮ።»

«ቆሎው ዕድሜ አልመረጠም» ብሎ ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ እንዲሁ እንደ ቀልድ «ለመሆኑ እሷን ጠይቀሃታል?» አለኝ። ሚዛኑን አንሥቼ ወደ ማሳ ወጣሁ።

የሰብል ግምት እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አንድ ማሳ ስትገምት ወንዙ ዳር ያለውን፣ ውኃ የጠጣውን፣ ዘለላው ትከሻህ ላይ የሚወድቀውን ጥግ ብቻ አይተህ ሙሉውን መሬት በዚያ አታባዛም። ይህን ያደረገ ሠራተኛ ወረዳውን በወረቀት ላይ ያጠግበውና በጎተራ ያስርበዋል። እዚህም እዚያም፣ ደረቁ ላይም ደህናው ላይም የመለኪያ ካሬህን ትጥላለህ፤ በካሬው ውስጥ ያለውን አጭደህ ትመዝናለህ። እኔ ይህን ለገበሬ ማኅበር ሊቀመንበሮች ሳይቀር አስተምር ነበር። እሷ ላይ ስደርስ ግን ወንዙ ዳር ቆሜ አጥሚቱን በመላው ዓመት አባዛሁት።

አያ የሳቀብኝ ሳቅ ሆዴ ውስጥ ስለቀረ ያን ሳምንት ካሬዬን ሌላ ቦታ መጣል ጀመርኩ።

አንድ ቀን ምሳ ስትጠራኝ ሥራ አለኝ ብዬ ቀረሁ። ፊቷ የሚጠቁር መስሎኝ በመስኮት አየሁ። «እሺ» ብላ ሄዳ ጥበቃውን ጠራች። አብረው ሄዱ፤ ጥበቃው የሆነ ነገር ሲላት ደግሞ ሳቀች፤ ለእኔ የምትስቀውን ያንኑ ሳቅ። ሌላ ቀን የጤና ጣቢያዋን አዋላጅ ጎብዬ አደረሰቻት። ሐሙስ ደግሞ መንገድ ዳር ዶሮ ያቀፉ ሽማግሌ ገበሬ ቆመው አገኘን። እኔን አወረደችኝ፤ መንደሩ ቅርብ ስለሆነ በእግሬ እንድከተል ነገረችኝ።

«ወዴት ነዎት አባባ?»

«ወደ ቤት።»

«ይውጡ።»

ያው ድምፅ፣ ያው ችኮላ! ዶሮዋ በሳጥኑ ላይ ተመቻችታ ወደ ኋላ እያየችኝ ስትሄድ፣ እመኑኝ፣ ከዶሮ ጋር የተፎካከርኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ተሸነፍኩ።

የሜትሩም ነገር ተገለጠ። ማሳ ስለካ አጠገቤ የምትቆመው ከብቶቹ ውኃ ጠጥተው እስኪመለሱ ክትባቱን መጀመር ስለማትችል ነው። እረኞቹ ከብቱን ሲነዱ ብቅ ካሉ የሜትሩን ጫፍ ማሽላ ውስጥ ጥላው ትሄድ ነበር፤ ስንቴ ስፈልገው ውዬ አግኝቼዋለሁ! ሥራ በሌለበት ሰዓት መጥታ ታውቃለች? አላወቀችም። እጇን ከታጠበች በኋላ አንድ ወሬ ለመጨረስ ቁጭ ብላ ታውቃለች? አላወቀችም። ሰው ሲመጣብን ድምፅዋ ይለወጣል? ምንም። አንድ ቀንማ ግራር ጥላ ሥር አፏን ከፍታ አንኮራፍታለች፣ እኔ አጠገቧ ፀጉሬን በእጄ እየደለደልኩ።

ይልቅ ሌላ ያስተዋልኩት ሰው ነበር። ያ ሰው ሞተሩ ሲሰማ ሸሚዙን ይስባል። መንገዱ ያልሆነውን በር ይዞራል። ሌላ ሰው ሲቀላቀላቸው ቃል ያጥረዋል። የተናገረችውን ሁሉ ከነድምፁ ያስታውሳል። የፍቅር ምልክት የሚባለው አንድም ሳይጎድል ሰውየው ላይ ተሟልቶ ተገኘ። ሰውየው ቅባት ተቀብቶ ነበር።

ያም ሆኖ እርግጠኛ አልነበርኩም። አጥሚቱ አለ! ወንዙ ዳር ያለው ጥግ አሁንም አረንጓዴ ነው። ሰው እኮ የሚወደውንም የሚያዝንለትንም አጥሚት ያጠጣል፤ አጥሚቱን ቀምሶ መለየት አይቻልም። እንግዲህ የቀረው መጠየቅ ነው። አርብ ልጠይቃት ብዬ ስለ በሬ ዋጋ ጠየቅኋት። ቅዳሜ ስለ ደሴ ብርድ። እሁድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማ የጎብዬዎቹም ደወል በዚህ ሰዓት እንደሚደወል ትዝ አለኝና ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ሞተር ላይ መጠየቅ አልፈለግሁም። እምቢ ካለችኝ ጀርባዋን እያየሁ አገር ለአገር መሄዴ ነው፤ እሷም ብትሆን ከኋላዋ ከተቀመጠ ሰው መሸሻ የላትም። ወደምትከራይበት ቤት ሄድኩ። ውጭ፣ ደጁ ክፍት ሆኖ፣ ሞተሯን እያጠበች አገኘኋት። አከራይዋ ጥግ ላይ በርበሬ ትለቅማለች። ፈንጠር ብዬ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «መልስሽ ምንም ይሁን ሥራችን ያው ሥራችን ነው። መጫኑ፣ ምሳው፣ ይሄ ሁሉ… እንደ ባልደረባ ነው? ወይስ ሌላ ነገር አለው? እንዳትጠራጠሪ ልንገርሽ፤ በእኔ በኩል ሌላ ነገር አለ።»

ጨርቁን ባልዲው ላይ አኖረችው። አልሳቀችም። ይህን ውለታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«በአንተ በኩል እንዳለ አላወቅሁም» አለች። «በእኔ በኩል የለም። ቁርጡን ልንገርህ ብዬ ነው። ወንድም ጋሼ ስልህ ወንድም ማለቴ ነው።»

«አጥሚቱስ?» አልኩ። ይህን ማለቴን አጥሚት ባየሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

«ወባ ይዞህ ነበራ!»

«ምሳውስ?»

እዚህ ጋ ትንሽ አፈረች። «ብቻዬን ስበላ የጭነት መኪና ሾፌሮች ወንበራቸውን ይዘው ይመጡብኛል። አንተ ካለህ አይመጡም።»

ደረቴ ትንሽ ተነፋ። «ይፈሩኛል?»

«ኧረ! ስለ ማሽላ ታወራለሃ። ማን ይጠጋል?» ከዚያ ፊቴን አይታ ቶሎ ጨመረች። «ከአንተ ጋር መብላት ግን ደስ ይለኛል። እሱን ውሸት እንዳይመስልህ። እንዳልኩህ ነው ብቻ።»

ሰው እምቢ ሲባል ምድር የምትከፈት ይመስለኝ ነበር። አልተከፈተችም። አከራይዋም በርበሬዋን መልቀም አላቋረጠችም። ልሄድ ስዞር ነው «ለሰው አላወራህም አይደል?» ያለችኝ።

ፀሐይዋን አየሁ።

«ምን ታያለህ?»

«ቅዳሴው… አልቆ ይሆን ብዬ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

ያን ጊዜ ተቆጣች። «እኔን ሳትጠይቅ? አለቃዬ ቤት? ነገ እዚያ ቢሮ ምን ብዬ ነው የምገባው? እሺ ስል የማልፈልገውን ሰው ላገባ፤ እምቢ ስል ደግሞ ‹በሞተር ሲያንሸራሽራት ከርማ ሽማግሌ መለሰች› ልባል!»

«ያንሸራሸርሽው እንኳ አንቺ ነሽ…»

«ዝም በል! ከዚህ በኋላ ማንን ነው የምጭነው? አዋላጇን? ወይስ ሚስት የሌለው ሽማግሌ ገበሬ በእግሩ ይሂድ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ስገምት የከረምኩት የራሴን ትዳር ነው፤ የምትከስረው ግን እሷ ነበረች። በአንድ ከዘራ ሰልፍ ደግነቷ ሁሉ በአገሩ አፍ ሌላ ስም ሊወጣለት ነው። እሷ ሞተሯን ገፍታ ከደጁ አወጣችው።

«እሁድ ነው እኮ» አልኩ። «የመንግሥት ሞተር፣ የመንግሥት ቤንዚን… ቢጠይቁንስ?»

«የታመመ በሬ አለ እንላለን።»

«የትኛው በሬ?»

«አንተ ነሃ! ውጣ።»

ወጣሁ። ዛሬ ሳጥን የለም፤ እጆቼ ማረፊያ አጥተው የኮርቻውን ብረት ጨበጡ። ጎብዬ ሳንደርስ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አየኋቸው። አጎቴ ከፊት፣ የደብሩ ቄስ ከነጥምጥማቸው፣ የአጎቴ ጎረቤት ሼህ ደግሞ ከነኩፍታቸው፤ ሦስቱም ነጭ ለብሰው መኪና ይጠብቃሉ። ሞተሩን ሲያዩ ከዘራ ሁሉ ተነሣ።

«ማሻአላህ!» አሉ ሼሁ። «ሙሽራዪቱ ራሷ ይዛው መጣች!»

«ይሄ ትውልድ!» አለ አጎቴ በደስታ። «ሽማግሌ እንኳ አያደክምም!»

ቄሱ መመረቅ ጀመሩ። እሷ ሞተሩን አጠፋችና ወደ እኔ ዞረች። መናገር የእኔ ፈንታ ነበር።

«አትሂዱ» አልኩ። «ልጅቷ አትፈልገኝም።»

ቄሱ ምርቃቱን መሀል ላይ አቆሙ።

«ማን አለ?» አለ አጎቴ።

«እሷ። ጠየቅኋት።»

«ራስህ ጠየቅሃት?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኛ ለምንድን ነው የለበስነው?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣቻቸው። «አባቶቼ፣ ለእኔ ወንድም ነው። ደጅ ሳትጠኑ ነግሬያችኋለሁና አትቀየሙኝ» አለች። ሼሁ ከዘራቸውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ማንም ሳይሰማ ተመለስን» አሉ። ከዚያ አጎቴን «ለመመለሻችን ያሳረድከኝ በግ አሁንም በግ ነው አይደል?» አሉት። ቄሱ ዶሮ ለብቻ እንደተሠራላቸው ሳያስታውሱ አልቀሩም፤ እሳቸውም ወደ ቤት አቅጣጫ ዞሩ።

አጎቴ ቤት ስንደርስ እሷ መጀመሪያ የጠየቀችው የታመመ ከብት እንዳለ ነው፤ ውሸቷን እውነት ማድረጓ ነበር። አንዲት ጡቷ ያበጠ ላም ነበረች። እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ወተቱን አልባ እያፈሰሰች፣ ጡቱን በሞቀ ውኃ እያጠበች አሳየቻቸው። አጎቴ ላሟንና እሷን እያፈራረቀ ያያል። «እንዲህ ያለች ሴት አምልጣህ!» አለኝ በጆሮዬ። ይኸው ነው ያጽናናኝ። ላሟ ዳነች፤ አጎቴም በሕይወት እስከነበረ ድረስ ባየኝ ቁጥር ስለ ሁለቱ ይጠይቀኝ ነበር፣ ስለ እኔ ሳይሆን።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ጊዜ በእግሬ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሥራ አበዛለሁ፤ እሷም አልጠራችኝም፣ ከአዋላጇ ጋር ትበላ ነበር። ነገሩ ትንሽ ይተንፍስ ብላ ይመስለኛል። ቅባቱን ለጥበቃው ሰጠሁት። በቢሮ ስንገናኝ ስለ ሥራ እናወራለን፤ እኔም ቃሌን ጠብቄ አንድም ቀን ዞሬ አልጠየቅኋትም። ማሳዬን ስለካ የሜትሩን ጫፍ በድንጋይ እጫን ጀመር። ድንጋይ ከብት መጣ ብሎ ጥሎህ አይሄድም።

አንድ ቀን የዋጃ መንገድ ላይ አቧራው ቀድሞ መጣ።

«ወዴት ነህ?»

«ዋጃ።»

«ውጣ።»

ሰማኋት። ለዶሮዋ ባለቤት የተባለችው «ይውጡ» ነበረች፣ ከአንቱታዋ በቀር ያው ናት። ሳጥኑን አቅፌ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ በበሬ ብቅ አለች። «ምሳ አትበላም?» ሄድን። ሽሮው ሲመጣ ከጥግ አንድ ግዙፍ ሾፌር ወንበሩን አንሥቶ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። እሷ አንገቷን ደፋች፤ በዓይኗ ብቻ አየችኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የዘንድሮው ማሽላ በአገዳ ትል እንዴት እንደተጠቃ፣ ከመጀመሪያው ቅጠል ጀመርኩ።

ሾፌሩ ትንሽ ቆሞ ሰማ። ወንበሩን ይዞ ተመለሰ።